ሌላ ውሻ ሲያይ በገመዱ ላይ የሚያብድ ውሻን በርቀትና በሳንባ ማለማመድ

ግቢ ውስጥ ጨዋ የሆነ ውሻ በገመድ ተይዞ ከበር ሲወጣና ሌላ ውሻ ሲያይ ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ያዡን ይጎትታል። ብዙ ጊዜ ይህ ጀግንነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ገመድ ላይ ያለ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ያለው አማራጭ ጮኾ ማባረር ነው፤ ያኛው መንገዱን ቀጥሎ ሲሄድ ደግሞ ጩኸቱ የሠራ ይመስለዋል። ገመዱን መንጨቅ ወይም መምታት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ውሻ በታየ ቁጥር አንገት እንደሚታመም ያስተምራልና።

የሚሠራው ተቃራኒው ነው፤ የሌላ ውሻ መታየት የጣፋጭ ምግብ ምልክት እንዲሆንለት ማድረግ። ጎንደር ላይ የሚያስቸግረው ርቀቱ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለቤት የሌለው ውሻ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ራቅ በልልኝ ብሎ መለመን ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ልምምዱን ሊመጣ በማይችል ውሻ ይጀምሩ፤ ቀን ቀን በሰንሰለት የሚታሰር የጎረቤት ውሻ ከሁሉ ይመረጣል።

ምግቡና ገመዱ

ከልኳንዳ ቤት የበሬ ሳንባ ይግዙ። ጥሬውን ግን አይስጡ። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እባጭ የትል እጭ ሊይዝ ይችላል፤ ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ወደ ቤተሰቡ ይተላለፋል። ከግማሽ ሰዓት በላይ በደንብ ቀቅለው በሽምብራ መጠን ይክተፉት። ሁዳዴ ሲገባ ልኳንዳ ቤቱ ስለሚዘጋ ቀድመው ቀቅለው በማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ያስቀምጡ፤ ያለዚያ የተቀቀለ እንቁላል ይሆናል። ውሻ አይጾምም።

ገመዱ ሁለት ሜትር ያህል ይሁን፤ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ ካልተገኘ ሰፊ የቆዳ የአንገት ማሰሪያ ይበቃል። የሚያንቅ ሰንሰለት አይጠቀሙ። ሲራመዱ ገመዱ ላላ ብሎ ይውረድ፤ ሲወጠር ውሻውም አብሮ ይወጠራል።

ርቀቱን መለካት

ነብሮ የሚባል የማራኪ ሰፈር ውሻ አለ እንበል፤ ጎረቤት ያለው ውሻ በራፉ ላይ ታስሯል። ነብሮ በ50 ርምጃ ርቀት ጆሮውን ቀስሮ ያያል፣ ሳንባ ሲሰጡት ግን በእርጋታ ይበላል። በ35 ርምጃ አፉን ይዘጋል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ምግቡን ጣት እስኪነክስ ድረስ ይመነጭቃል። በ25 ርምጃ ምግብ አፍንጫው ላይ ቢያስጠጉለትም አያየውም። የሚጀመረው እንግዲህ በ50 ነው። ጩኸቱን ከጠበቁ ዘግይተዋል፤ መጠበቅ ያለብዎት የአፉን መዘጋትና የዓይኑን መፍጠጥ ነው።

ቅደም ተከተሉ

በ50 ርምጃ ላይ ቆመው ነብሮ ያንን ውሻ እስኪያይ ይጠብቁ። እንዳየ ወዲያው ሳንባ ይስጡ፤ እያየ እስካለ ድረስ አንድ በአንድ ይቀጥሉ። ከዚያ ነብሮን ይዘው ከአጥር ጀርባ ይዙሩና የጎረቤቱ ውሻ ከዓይኑ ይሰወር፤ ምግቡም ይቁም። እንደገና ብቅ ይበሉ። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ነብሮ ገና ሳያይ እጅ ወደ ኪስ ከገባ፣ የምግቡ መምጣት የውሻ መምጣት ማስጠንቀቂያ ይሆንና ሳንባውን ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። መጀመሪያ ውሻ፣ ከዚያ ምግብ። ደግሞም ምግቡ የጨዋነት ደመወዝ አይደለም፤ ትንሽ ቢያጉረመርምም ይስጡት፣ ከዚያ ራቅ ይበሉ።

ነብሮ ያንን ውሻ አይቶ በራሱ ፈቃድ ፊቱን ወደ እርስዎ መለስ ካደረገ ነገሩ ገብቶታል። ይህን በተደጋጋሚ ሲያደርግ አምስት ርምጃ ይጠጉ። ካፈጠጠ ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሱ። ጮኾ ከፈነዳ ምንም ሳይቆጡ ወደ ቤት ይውሰዱትና ያን ቀን ያሳርፉት፤ የተቆጣ ሰውነት ለመረጋጋት ሰዓታት ይፈልጋል።

ያልታሰረ ውሻ ሲመጣ

«ና እንሂድ» ሲባል ዞሮ መከተልን ግቢ ውስጥ በምግብ አስቀድመው ያስተምሩት። መንገድ ላይ ውሻ ሲመጣ ይህን ብለው ይዙሩ፤ የቆመ ባጃጅ ወይም ግንብ መሐል ያስገቡ፤ ለሚመጣው ውሻ ደግሞ አንድ እፍኝ ምግብ መሬት ላይ ይበትኑለት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ የነብሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ያልተቋረጠ ይሁን። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ከሆነ ሕመም ሊኖረው ስለሚችል ከልምምዱ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው።

የጎረቤቱን ውሻ በአሥር ርምጃ በሰላም ማለፍ ሲችል ወደ ሁለተኛ የታሰረ ውሻ ይሂዱ። እዚያ ግን ከአሥር አይጀምሩ፤ ነብሮ የለመደው ያንን አንድ ውሻ በዚያ አንድ በር ላይ ነው። እንደገና ከ40 ወይም ከ50 ይጀምራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይጠጋል።