ባላንሱ ሞልቶ ቪዛው ለምን ተከለከለ?

ምልክቱ፦ ለተማሪ ቪዛ በቀረበው የባንክ ስቴትመንት ላይ ያለው ብር ለትምህርት ክፍያውም ለኑሮውም ይበቃል። የክልከላ ደብዳቤው ግን የገንዘቡ ምንጭ አላሳመነኝም ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ገንዘቡ ያነሰ ይመስለውና ተበድሮ፣ ጨምሮበት እንደገና ያመለክታል። ነገሩ የሚብሰው ያኔ ነው።

ምክንያቱ፦ የቪዛ መኮንኑ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አያይም። ወደ ኋላ ሄዶ ገንዘቡ እንዴት እንደገባ ያያል።

ለምሳሌ ስፖንሰሩ አጎት ነው እንበል። በወር 900 ዶላር ደመወዝ ይገባለታል። ለአምስት ወር ባላንሱ ከ1,500 ዶላር አልዘለለም። ማመልከቻው ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ግን 18,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ገባ። የአጎት የስፖንሰር ደብዳቤ «ሙሉ ወጪውን እሸፍናለሁ» ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። አጎት መኪናውን ሸጦ ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ነው። ፋይሉ ውስጥ ግን ይህን የሚናገር አንድም ወረቀት የለም። መኮንኑ የሚገምተው ለማሳያ የተበደሩት ገንዘብ እንደሆነ ነው።

መፍትሄው፦ የሽያጭ ውሉን፣ ገዢው ገንዘቡን ያስገባበትን የባንክ ማስረጃና የቀድሞውን የባለቤትነት ወረቀት አያይዙ። ስም፣ ቀንና መጠን በሦስቱም ላይ መግጠም አለበት። ውሉ 20,000 ብሎ ባንክ የገባው 18,000 ከሆነ ቀሪው የት እንደሄደ ይጻፍ።

የስፖንሰር ደብዳቤውም እንደገና ይጻፍ። ዝምድናውን፣ የትኛውን ትምህርት ቤት፣ ለስንት ዓመት፣ በዓመት ስንት እንደሚከፍልና ከየትኛው ገቢ እንደሆነ ይናገር። ዝምድናውን የሚያሳይ ሰነድና የደመወዝ ማስረጃ ይከተሉት። አጎት የራሱ ልጆች ካሉት፣ እነሱን እያስተማረ ለእርስዎ እንዴት እንደሚተርፈው በግልጽ ይጻፍ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ በእኔ እይታ ግን ከባላንሱ በላይ የሚያሳምነው ይሄ ነው።

ወደ እንግሊዝ ለሚያመለክት ሌላ ወጥመድ አለ። አጎት ሕጋዊ አሳዳጊዎ ካልሆነ በሒሳቡ ያለ ገንዘብ እዚያ አይቆጠርም። በአብዛኛው በራስዎ፣ በወላጅ ወይም በሕጋዊ አሳዳጊ ሒሳብ መሆን አለበት፤ በወላጅ ከሆነ የልደት ሰርተፍኬትና የፈቃድ ደብዳቤ ይጨመራል። ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይጎድል መቀመጥ አለበት። አንድ ቀን እንኳ ከሚፈለገው በታች ከወረደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የቆጠራው መጨረሻ ቀን ደግሞ ከማመልከቻው ቀን ከ31 ቀን በላይ ወደ ኋላ መራቅ የለበትም። ስለዚህ አጎት ገንዘቡን ዛሬ ቢያስተላልፍልዎ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከዛሬ ነው።

የተጭበረበረ ስቴትመንት የሚሸጥልዎ ሰው ካገኙ አይንኩት። መኮንኖች ባንኩን በቀጥታ ሊጠይቁ ይችላሉ። ማጭበርበር ከተገኘ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት፣ ካናዳ 5 ዓመት ያግዳሉ። እንደገና ሲያመልክቱ የክልከላ ደብዳቤውን አስቀድመው ያንብቡ፤ ለተጠቀሰው ለእያንዳንዱ ምክንያት የትኛው ሰነድ መልስ እንደሚሰጥ በማብራሪያ ደብዳቤዎ ላይ ይጻፉ።