ወረቀቱ «ደህና» ይላል፣ እሷ ግን ዳገት ያቅታታል፦ በወሎ የነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን ሲነበብ

ወረቀቱ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። ከወረ ኢሉ ገጠር የመጣች፣ ሁለተኛ ልጇን ያረገዘች፣ 22ኛ ሳምንቷ ላይ ያለች ሴት ናት። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ 11.6 ግራም በዴሲሊትር ይላል፤ ከጎኑ በእስክሪብቶ «ደህና» ተብሎ ተጽፎበታል። አብረዋት የመጡት አማቷ ግን በወረቀቱ አልተስማሙም። «ሲስተር፣ ይህች ልጅ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ሦስት ጊዜ ታርፋለች። ማታ ልቤ ይመታል ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ የግድግዳ አፈር ስትልስ ያዝኋት» አሉኝ።

አማቲቱ ትክክል ነበሩ። በአዋላጅነት ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ነው፦ ቁጥሩ በትክክል ተለክቶ ይመጣል፣ የሚሳሳተው አነባበቡ ነው። የነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን ከሁለት ነገሮች ጋር ካልተያያዘ ትርጉም የለውም፤ ከእርግዝናው ሳምንትና ሴትየዋ ከምትኖርበት ቦታ ከፍታ ጋር።

ችግር፦ በመጀመሪያው ምርመራ ደህና የነበረው ቁጥር በመካከለኛዎቹ ወራት ወረደ

ይህ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የሴቲቱ ደም ይበዛል፤ ነገር ግን ሁሉም ክፍሉ እኩል አይበዛም። ፈሳሹ ክፍል፣ ማለትም ፕላዝማው፣ በግማሽ ያህል ሲጨምር ቀይ የደም ሴሎች ከዚያ ባነሰ መጠን ይጨምራሉ። በርበሬ ጨምራችሁ ውኃውን ከበርበሬው አብልጣችሁ እንደ ጨመራችሁበት ወጥ ነው፤ በርበሬው በድስቱ ውስጥ በዝቷል፣ ወጡ ግን ቀጥኗል። ቅጥነቱ ጎልቶ የሚታየው በሁለተኛው ሦስት ወር ነው።

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያም በየጊዜው ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። በሁለተኛው ሦስት ወር ወሰኑ ወደ 10.5 ዝቅ ይላል፤ በመጨረሻው እንደገና ወደ 11 ይመለሳል። በባሕር ወለል ከፍታ የምትኖር የ24 ሳምንት ነፍሰ ጡር 10.7 ቢኖራት የተለመደውን የመከላከያ ክኒን እየዋጠች ትከታተላለች እንጂ የደም ማነስ ሕክምና አይጀመርላትም። ያው 10.7 በ34ኛው ሳምንት ቢመጣ ግን ይታከማል።

አንዳንድ ጤና ጣቢያ ሄሞግሎቢን ሳይሆን ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ ሴሎች ከደሙ የያዙትን ድርሻ፣ ብቻ ይለካል። በመቶኛ የተጻፈውን ቁጥር ለሦስት ማካፈል የተቀራረበ ግምት ይሰጣል፤ 33 ከሆነ ወደ 11 ይጠጋል።

ችግር፦ ቁጥሩ ከወሰኑ በላይ ነው፣ የድካሙ ምልክት ግን አለ

ከላይ ያሉት ወሰኖች የተቀመጡት በባሕር ወለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ደግሞ ወሎ ነን። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጎድልበት ሄሞግሎቢን ጨምሮ ይሠራል። ስለዚህ ጤነኛዋ ደገኛ በተፈጥሮዋ ከቆለኛዋ ከፍ ያለ ቁጥር ይኖራታል። የደገኛዋን ውጤት በቆላ ወሰን ከለካን ደም ያነሳትን «ደህና ነሽ» ብለን እንሸኛለን።

መፍትሄው ቀላል ቅነሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሻሻለው ሠንጠረዥ መሠረት ከተለካው ቁጥር ላይ የሚቀነሰው ከ1,000 እስከ 1,499 ሜትር ለሚኖሩ 0.8፣ ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር 1.1፣ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር 1.4፣ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ደግሞ 1.8 ነው። በእኛ አገር ስንተረጉመው ከሚሴ 0.8፣ ኮምቦልቻ 1.1፣ ወልድያ 1.4፣ ወረ ኢሉ 1.8 ይቀነስላቸዋል። ደሴ አስቸጋሪ ናት፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች በሁለት እርከኖች ድንበር ላይ ትወድቃለች። እኔ ለደሴ ሴቶች ሁለቱንም አስቤ ምልክቱን አያለሁ፤ ምልክት ካለ ትልቁን እቀንሳለሁ።

አሁን ወደ ነጠላው ቋጠሮ እንመለስ። 11.6 ሲቀነስ 1.8፣ 9.8 ይሆናል። በ22ኛው ሳምንት ወሰኑ 10.5 ነው። ስለዚህ ሴትየዋ የደም ማነስ አለባት፤ ያውም ከ10 በታች በመሆኑ መካከለኛ ከሚባለው ደረጃ። ሠንጠረዡ ገና አልደረሰንም የሚል ቢኖር በአሮጌው ስሌት ለዚህ ከፍታ የሚቀነሰው 1.3 ነበር፤ በእሱም ቢሆን 10.3 ስለሚመጣ አታመልጥም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚቆጠረው ደሙ የተቀዳበት ቦታ ሳይሆን ሴትየዋ የምትኖርበት ቦታ ነው። ከወረ ኢሉ ለገበያ ወርዳ ኮምቦልቻ ብትመረመር ደሟ የወረ ኢሉ ደም ነው።

አፈር የማማሩን ነገር ብዙ ሰው በእርግዝና አምሮት ያልፈዋል። አፈር፣ አመድ ወይም በረዶ የምትመኝ ነፍሰ ጡር ሳገኝ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የብረት እጥረትን ነው። አፈሩ ራሱ ደግሞ የአንጀት ትል እንቁላል ይዞ ይገባል።

ችግር፦ ቁጥሩ በድንገት በጣም ዝቅ ብሎ መጣ፣ ሴትየዋ ግን ምንም አይሰማትም

መጀመሪያ ጣቷን ጠይቁ። በጣት ጠብታ በሚሠራው መሣሪያ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ተጠርገው ቀጣዩ መወሰድ አለበት። በደጋ ጠዋት እጅ ይቀዘቅዛል፣ ደሙ አልወጣ ሲል ባለሙያው ጣቱን ይጨምቃል፤ ያን ጊዜ ከሥጋው የሚወጣ ፈሳሽ ተቀላቅሎ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ቁጥሩም በሐሰት ይወርዳል። እጁን አሙቆ መድገም፣ ከተቻለም ከደም ሥር ቀድቶ ሙሉ የደም ቆጠራ ማሠራት ጥርጣሬውን ያጠፋል።

ሕክምናው ከየት ይጀምራል?

የደም ማነስ የሌለባት ነፍሰ ጡር በቀን አንድ የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ትወስዳለች፤ በተለምዶ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘውን። ከፍታው ተቀንሶ ከወሰኑ በታች የሆነች ሴት ብረቱ በቀን ወደ 120 ሚሊግራም ያድግላታል፤ ሁለት ክኒን ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ ጤናማው ሲመለስ ወደ አንድ ትወርዳለች። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ለአንጀት ትል 400 ሚሊግራም አልበንዳዞል አንድ ጊዜ ይሰጣል። ከወባ አካባቢ፣ ለምሳሌ ከባቲ ወይም ከከሚሴ ቆላ የመጣች ከሆነች የወባ ምርመራ ሳይደረግ ክኒን ብቻ ይዛ መመለስ የለባትም።

ሆስፒታል የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ከ7 በታች ከሆነ ቀጠሮ አይሰጥም፣ በዚያው ቀን ትላካለች። ለደጋ ሴት 8.5 ተለክቶ 1.8 ሲቀነስ 6.7 መሆኑን አትርሱ። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ተቀምጣ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ራሷን የምትስት ወይም ደም የሚፈስሳት ሴት ስሌት አያስፈልጋትም። ደም ይሰጣት አይሰጣት የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሰውነቷን ሁኔታና መውለጃዋ ምን ያህል እንደ ቀረበ አይቶ ይወስናል። ክኒን የማይስማማት፣ ወይም ደሟ በጣም አንሶ መውለጃዋ የደረሰ ሴት በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ሊታዘዝላት ይችላል፤ ይህ ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሰጥም።

ችግር፦ ክኒኑን ወሰደች፣ ቁጥሩ ግን አልተነሣም

ክኒኑ ከሠራ በአራት ሳምንት ውስጥ ሄሞግሎቢን ቢያንስ በ1 ይጨምራል። የወረ ኢሏ ሴት በ26ኛው ሳምንት ስትመለስ 11.7 ሆነች። አንድ ወር ሙሉ ለፍታ 0.1!

እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን የምንቸኩለው ሌላ ክኒን ወደመጨመር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የተረፈውን ክኒን አምጪ እላለሁ። አመጣች፤ ቆጠርሁት፤ በትክክል ወስዳለች። ሰገራዋ ጠቁሯል፤ ይህም ክኒኑ እየተዋጠ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። «ታዲያ መቼ ነው የምትውጪው?» ስላት «ከቡናው ጋር ነዋ፣ እንዳልረሳው» አለችኝ።

ሰው ክኒኑን እንዳይረሳ ቡናን ማስታወሻ ማድረጉ ብልህነት ነበር። የወሎ ቡና ደግሞ አንድ ስኒ አይደለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ ዱዓውና ጨዋታው ተጨምሮበት። ነገር ግን በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብረቱን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፣ ወደ ደም አያሳልፉትም። ከወተትና ከካልሲየም ክኒን ጋር መውሰድም እንዲሁ ይጎዳል።

ቡናውን ተዪ አላልኋትም፤ ብላትም አትተውም፣ እኔም አልተውሁም። ያስተካከልነው ሰዓቱን ነው። አንዱን ክኒን ጎህ ሲቀድ በውኃ፣ ቡናው ከመቅረቡ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት፤ ሁለተኛውን ማታ፣ ቡናው ከተነሣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ልትተኛ ስትል። የጠዋቱ ካቅለሸለሻት ትንሽ ቂጣ ቀምሳ እንድትወስደው ተስማማን። የማታውን አማቷ «እኔ አስታውሳታለሁ» አሉ።

የአወሳሰድ ስህተት ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የምፈልገው ወባን፣ የአንጀት ትልን፣ ከኪንታሮት ወይም ከሌላ ቦታ የሚፈስ ደምን፣ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽንን ነበር። በሙሉ የደም ቆጠራው ላይ የቀይ ሴሎቹ መጠን ትልቅ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጉድለቱ የብረት ሳይሆን የፎሊክ አሲድ ወይም የቫይታሚን ቢ12 ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ብረት ማብዛት ዋጋ የለውም።

በ30ኛው ሳምንት 12.9 ለካን። 1.8 ስንቀንስ 11.1፤ በመጨረሻው ሦስት ወር ወሰኑ 11 ስለሆነ በጠባቡ አለፈች። ክኒኑ ወደ አንድ ወረደላት፤ እስክትወልድና ከወለደችም በኋላ ለሦስት ወር እንድትቀጥል ተነገራት። አማቷ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ደህና ተብሎ ያልተጻፈበት ለምንድን ነው?» አሉኝ። እኔም ጻፍሁበት፤ ከጎኑ ግን «ወረ ኢሉ፣ 30 ሳምንት፣ ሲቀነስ 11.1» ብዬ።