ባክግራውንድ ከተቀየረ በኋላ ፍሬም ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የምርቃት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይህን ሥራ በደንብ ያውቀዋል። ተመራቂዋ ጋውኗን ለብሳ ስቱዲዮ ትመጣለች። ግድግዳው ፊት ቆማ ትነሳለች። ከዚያ “ከኋላዬ ሐይቅን አድርግልኝ” ትላለች። ሌላው ደግሞ ከጦሳ ተራራ ላይ የሚታየውን የደሴ ከተማ ይመርጣል።

ግድግዳውን ማውጣት ዛሬ ከባድ አይደለም። ፀጉሩም ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ሆኖም ፎቶው የተለጠፈ ይመስላል። ባለሙያው ጠርዙን ደጋግሞ ያለሰልሳል፤ ለውጥ የለም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ፍሬሙ ላይ ነው። ልጅቷ የቆመችው ለባዶ ግድግዳ በተመረጠ ቦታ ላይ ነው፤ አሁን ከኋላዋ የገባው ግን ውሃ፣ ተራራና ሰማይ ነው።

አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። ፎቶው አግድም ነው፤ ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል። ተመራቂዋ መሃል ላይ ናት፤ ከወገቧ በታች አትታይም። ፊቷን ወደ ፎቶው ቀኝ መልሳለች። ዓይኗ ከግራ ጠርዝ 3000፣ ከላይ ደግሞ 1500 ፒክስል ላይ ይገኛል። ትከሻዋ ከነጋውኑ 1800 ፒክስል ያህል ይሰፋል። ከኋላዋ የሚገባው የሐይቅ ፎቶ ነው።

ሰውና ቦታ ሳይለያዩ መቁረጥ

ባክግራውንዱ ከመቀየሩ በፊት የነበረን መሣሪያ ክሮፕ ብቻ ነው። ሰውየው ወደ ጎን እንዲሆን ከፈለግን ከሌላው ጎን እንቆርጣለን። አሁን ግን ሰውና ቦታ ሁለት ሌየር ሆነዋል፤ አንዱ ሳይነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል። ብዙዎች ግን ሌየሮቹን ቶሎ አንድ ያደርጉና እንደ ድሮው መቁረጥ ይጀምራሉ። ፒክስልም ያልቃል፣ ቦታውም ይጠባል።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። መጀመሪያ ሰውን ፍሬሙ ውስጥ አስቀምጡ፣ ቀጥሎ ባክግራውንዱን ከኋላው አንቀሳቅሱ፣ ክሮፕ መጨረሻ ይምጣ። ፎቶሾፕ ላይ ክሮፑን ስትይዙ Delete Cropped Pixels የሚለውን ምልክት አጥፉት። የተቆረጠው ክፍል አይጠፋም፤ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ይመለሳል።

ከፊት ይልቅ ከኋላ ቦታ መተው

ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያይ ተመልካቹም አብሮት ያያል። ስለዚህ ከፊቱ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳው ባዶ በነበረ ጊዜ መሃል ላይ መቆሟ አላስቸገረም፤ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሐይቁ ሲገባ ግን ጀርባ የሰጠችው ውሃና የምታየው ውሃ እኩል ይሆናሉ፤ ወዴት እንደምናይ ይጠፋናል።

ፍሬሙን በወርድም በቁመትም ሦስት ሦስት ቦታ ክፈሉት። የቆሙት መስመሮች 2000 እና 4000 ላይ፣ የተጋደሙት 1333 እና 2667 ላይ ያርፋሉ። ወደ ቀኝ ስለምታይ ዓይኗን ወደ ግራው መስመር አምጡት፤ ማለትም ሌየሯን 1000 ፒክስል ወደ ግራ ግፉት። ከፊቷ ሰፊ ውሃ ይከፈታል፣ ከኋላዋም ለዓይን የሚበቃ ይቀራል። ካሜራውን በቀጥታ የምታይ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ያኔ ትከሻዋ ወደ ዞረበት በኩል ትንሽ ሰፋ ማድረግ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ አለ፤ እባካችሁ አትግቡበት። ሰውን ከማንቀሳቀስ ይልቅ እንደ መስታወት መገልበጥ ነው። ስካርፉ ላይ የተጻፈው ስም ተገልብጦ ይነበባል፣ ፊቷ ላይ ያረፈው ብርሃንም ጎኑን ይቀይራል። ከተማውን መገልበጥም አይሆንም። የደሴ ሰው ጦሳን በየቀኑ ያየዋል፤ ሲገላበጥ ወዲያው ያውቃል።

የተቆረጠ ወገብን ወደ ላይ ማንሳት

ዓይኗ 1500 ላይ ነው፤ የላይኛው መስመር ደግሞ 1333 ላይ። እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ላይ ወደ መግፋት ነው። 167 ፒክስል ስትገፉ ግን ከወገቧ በታች የ167 ፒክስል ክፍተት ይፈጠራል። ልጅቷ ሐይቁ ላይ ተንሳፋ ትቀራለች። ድሮ የፎቶው ጠርዝ የቆረጠው አካል አሁንም ጠርዝ ላይ መቆየት አለበት።

መፍትሔው የታችኛውን ጠርዝ ይዞ ማሳደግ ነው። ከዓይኗ እስከ ታች 2500 ፒክስል አለ፤ የምንፈልገው 2667 ነው። ስለዚህ ወደ 107 በመቶ ማሳደግ ይበቃል፤ ይህን ያህሉ ሲታተም ዓይን አያየውም። ከማሳደጋችሁ በፊት ሌየሩን Smart Object አድርጉት፤ መጠኑን ደጋግማችሁ ብትለውጡም ጥራቱ አይወርድም። ክርኗ በቀኝ ጠርዝ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወደ ግራ መግፋቱ ራሱ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ከመግፋታችሁ በፊት አራቱንም ጠርዝ እዩ።

አድማስን በደፈናው መስመር ላይ ማሳረፍ

ከሁሉም በላይ ፎቶን የሚያበላሸው ይህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው ፍሬሙን ሦስት ቦታ የመክፈሉን ሕግ ይሰማና የውሃውን መስመር ወይ ላይኛው ወይ ታችኛው መስመር ላይ ያስቀምጣል። የአድማስን ቦታ የሚወስነው ግን ካሜራው የነበረበት ከፍታ ነው። ካሜራው በዓይኗ ልክ ከነበረ አድማሱ በዓይኗ በኩል ያልፋል። በደረቷ ልክ ከነበረ በደረቷ በኩል ያልፋል። ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ልጅቷ ግዙፍ ወይም ጉድጓድ ውስጥ የቆመች ትመስለዋለች።

ከፍታውን ለማወቅ የምርቃት ኮፍያዋን ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ከተደፋ ፍንጭ ይሰጣል። ጠፍጣፋው የላይኛው ክፍል ከታየ ካሜራው ከኮፍያው በላይ ነበር፤ የታችኛው ገጽ ከታየ ከበታች ነበር። የአገጯ ሥርም እየታየ ከሆነ ካሜራው ደረቷ አካባቢ እንደነበር ገምቱ።

የእኛ ተመራቂ በደረቷ ልክ ነው የተነሳችው እንበል። ከዓይን እስከ ደረት 35 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ትከሻዋ ከነጋውኑ 50 ሳንቲሜትር ይሰፋል ብለን ብንለካው ደረቷ 2680 አካባቢ ይውላል፤ ከታችኛው መስመር ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። የሐይቁን የወዲያኛው ዳርቻ እዚያ አሳርፉት። ጭንቅላቷ ከተራራውና ከሰማዩ ጋር ነጻ ሆኖ ይቀራል። የሐይቁ ፎቶ ከውሃው ዳር ቆሞ የተነሳ መሆኑንም አረጋግጡ። ከጉብታ ላይ ከተነሳ ዳርቻው ከአድማስ በታች ይወርዳል፤ ያኔ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ከጦሳ የተነሳ የደሴ ፎቶም እንዲሁ ነው፤ ጣሪያዎቹ ከደረቷ በታች መሆን አለባቸው።

ካሜራው በአንገቷ ልክ ቢሆንስ? አድማሱ ከሁለቱ መስመሮች መካከል ይወድቃል፣ አንገቷንም ያቋርጣል። ለሕጉ ብላችሁ አታንሱት፣ አታውርዱትም። ባክግራውንዱን አደብዝዙት፣ ወይም ዛፍና ቁልቁለት መስመሩን የሚሰብርበት ሌላ ፎቶ ምረጡ።

የህትመቱን መጠን መጨረሻ ላይ መጠየቅ

ሁሉም ካለቀ በኋላ ደንበኛዋ “20 በ30፣ የቆመ” ትላለች። ከ6000 በ4000 የቆመ ክሮፕ ስታወጡ ወርዱ 2667 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ትከሻዋ ካደገ በኋላ 1926 ነው። ግራና ቀኝ ተደምሮ የሚቀረው 741 ፒክስል ነው፤ የከፈታችሁላት ቦታ ሁሉ ይበላል። በዚህ ወርድ ዓይኗን ጎን ያለው መስመር ላይ ለማድረስ አትታገሉ፤ ትከሻዋ ይቆረጣል። ዓይኗ በላይኛው መስመር ከፍታ ላይ ይቆይ፣ ሌየሯን ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ብቻ አሳልፉት። መጠኑን ግን ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። የቆመ መሆኑን ካወቃችሁ ካሜራውንም አቁማችሁ ታነሳላችሁ፤ ከኮፍያዋ በላይ በቂ ክፍት ቦታም ትተዋላችሁ።