የአፕወርክ ደንበኛን ወደ ቀጥታ ሥራ ስታዞሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጨዋታውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ደንበኛው ነው። አምስት ስድስት ወር አብራችሁ ትሠራላችሁ፣ ሥራችሁን ይወደዋል፣ ከዚያ አንድ ማታ «ይህን ኮሚሽን ለምን እንከፍላለን? በቀጥታ ልላክልሽ» የሚል መልእክት ይመጣል። ከመቶ ዶላሩ አሥሩ ሲቆረጥበት ለኖረ ሰው ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ያን ማታ የምንሰጠው መልስ ላይ ነው።

የምጽፈው ፍሪላንሰሮችን ከደንበኞች ጋር ስለሚያገናኘው መድረክ፣ ስለ አፕወርክ ነው። ፋይቨርና ሌሎቹ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ይህን እንዳለ ወደዚያ አትውሰዱት። ለምሳሌነት አንዲት የሒሳብ መዝገብ ያዥ እናስብ። አዲስ አበባ ተቀምጣ ለአንድ የአሜሪካ የኦንላይን ሱቅ ትሠራለች፤ በሰዓት 15 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት፤ ከክፍያዋ 10 በመቶው ለአፕወርክ ይቆረጣል። ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚከፈቱ ኮንትራቶች ከዜሮ እስከ 15 በመቶ በሚደርስ ተለዋዋጭ ኮሚሽን ስለሚሠሩ የእናንተ ቁጥር ሊለይ ይችላል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ሁለቱን ዓመት ከተሳሳተ ቀን መቁጠር

የአፕወርክ ደንብ በመድረኩ ላይ የተገናኙ ሰዎች ለ24 ወራት ክፍያቸውን በመድረኩ በኩል ብቻ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ ማንንም ሳታስፈቅዱ በቀጥታ መሥራት ትችላላችሁ። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚሳሳተው መነሻውን ሲቆጥር ነው።

አንዳንዱ ኮንትራቱ ከተዘጋበት ቀን ይጀምርና ያለ ምክንያት ዓመታት ይጨምርበታል። ሌላው ደግሞ «ከዚህ ሰው ጋር ገና አንድ ኮንትራት ነው የሠራሁት» ብሎ ጭራሽ ቆጠራ እንደሌለበት ያስባል። ቆጠራው የሚነሣው ግን በመድረኩ አማካይነት ከተዋወቃችሁበት ጊዜ ነው። የሒሳብ ሠራተኛችን ፕሮፖዛል ልካ ደንበኛው መልስ የሰጣት ማርች 12 ቀን 2024 ነው እንበል፤ ኮንትራቱ የተከፈተው ኤፕሪል 2 ነው። እሷ መያዝ ያለባት የመጀመሪያውን ቀን ነው፤ ማርች 12 ቀን 2026 ላይ ትለቀቃለች። የመልእክት ሳጥኑን ወደ ላይ ጎትታችሁ የመጀመሪያዋን መልእክት ቀኗ ጭምር እንድትታይ ፎቶ አንሡና አስቀምጧት። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማስታወሻ ላይ ጽፎ በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ስለማውቅ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋንም አትርሷት።

ከመድረኩ በፊት የምትተዋወቁት ሰው ከሆነ እገዳው አይመለከታችሁም። የቀድሞ አሠሪያችሁ ድንገት አፕወርክ ላይ ብታገኙት ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቆየ ኢሜይል ካላችሁ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

የማዛወሪያውን ክፍያ ሳያሰሉ «ይክፈለውና እንውጣ» ማለት

ሁለት ዓመት መጠበቅ ለማይፈልግ ሰው ሕጋዊ በር አለ። ለአፕወርክ የማዛወሪያ ክፍያ ይከፈልና ግንኙነቱ ነጻ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ደንበኛው ነው። ክፍያው የሚሰላው የሰዓት ዋጋችሁን በ2,080 በማባዛትና ከዚያ 13.5 በመቶውን በመውሰድ ነው። 2,080 ማለት በሳምንት 40 ሰዓት ለ52 ሳምንታት የሠራ ሰው የዓመት ሰዓት ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ እናንተ ግማሽ ቀን ብትሠሩም ቀመሩ የሚያስባችሁ እንደ ሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛችንን እንያት። 15 ሲባዛ በ2,080 ይሆናል 31,200 ዶላር። ከዚህ 13.5 በመቶው 4,212 ዶላር ነው። አሁን ከደንበኛው ጋር ከተዋወቁ 14 ወር ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ ለመለቀቅ 10 ወር ይቀራታል። በሳምንት 20 ሰዓት ስትሠራ የወር ገቢዋ በአማካይ 1,300 ዶላር ነው፤ ኮሚሽኑ 130። አሥር ወር ዝም ብላ ብትጠብቅ የሚቆረጥባት 1,300 ዶላር ነው። 1,300ን ለማዳን 4,212 መክፈል ምን የሚሉት ንግድ ነው? ደንበኛውም በበኩሉ ለመድረኩ የሚከፍለው ነገር ስላለ የእሱ ስሌት ትንሽ ይለያል፤ ልዩነቱን ግን አይሞላውም።

ስሌቱ የሚገለበጠው ሥራው የሙሉ ሰዓት ሲሆንና ገና ከመነሻው ሲሆን ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ ኮሚሽኗ በወር 260 ዶላር፣ በሁለት ዓመት 6,240 ዶላር ይሆን ነበር። ያን ጊዜ 4,212 ያዋጣል። ያም ቢሆን የሚያዋጣው ከ16 ወር በላይ ሲቀራት ነው፤ ማለትም ውሳኔው በመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት ገደማ ካልተወሰነ ጊዜው አልፏል። እንግዲህ ደንበኛው በቋሚነት ሊቀጥራችሁ ከፈለገ ወሬውን ቀደም ብላችሁ አንሡት። ለከፊል ሰዓት ሥራ ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ መጠበቁ ይሻላል። ደንቡና ቁጥሮቹ ስለሚለዋወጡ ለደንበኛው ቁጥር ከመንገራችሁ በፊት የዕለቱን የደንብ ገጽ ክፈቱ።

የጓሮውን በር መፈለግ

«ወንድሙ ይክፈለኝ፣» «በሌላኛው ድርጅቱ ስም ይላክልኝ፣» «ትንሿን በአፕወርክ፣ ትልቋን በውጭ።» እነዚህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ደንቡ ክፍያው በተዘዋዋሪም ቢሆን ከመድረኩ እንዳይወጣ ይላል፤ ደንበኛው የመጣው ድርጅት ወክሎ ከሆነ ደግሞ የዚያው ድርጅት ሌሎች ሠራተኞችም በእገዳው ውስጥ ናቸው። በአካውንታንቱ ስም መክፈል አያድንም።

ከዚህ የከፋው በቻት የተጻፈው ነው። «የፔዮኒር ገንዘብ መቀበያ አካውንቴን ልላክልህ?» የምትል አንዲት መስመር አካውንት ልታዘጋ ትችላለች። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትደባልቁ። ኮንትራት ከመከፈቱ በፊት ስልክና ኢሜይል መለዋወጥ ክልክል ነው፤ ኮንትራቱ ከተከፈተ በኋላ ግን በዙምም ሆነ በዋትስአፕ መነጋገር ይቻላል። ከመድረኩ መውጣት የሌለበት ገንዘቡ ነው። ገና ኮንትራት ሳይኖር ወደ ቴሌግራም የሚጎትታችሁ «ደንበኛ» ደግሞ ስለ ኮሚሽን የሚጨነቅ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌባ ነው፤ ተሰናበቱት።

ለደንበኛው ደረቅ «አይቻልም» ወይም ደረቅ «እሺ» መስጠት

እሺ ካላችሁት ደንብ የምትጥሱ ሰው መሆናችሁን ነገራችሁት። የባንክ መግለጫዎቹን የምታይለት የሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ይህን ልብ ይለዋል። ደረቅ አይቻልም ካላችሁት ደግሞ ምናልባት ስለ እገዳው ሰምቶ የማያውቅ ቅን ሰውን አስቀየማችሁ። በተጨማሪም ደንቡ ከመድረኩ ውጭ ክፍያ የጠየቃችሁን ሰው እንድታሳውቁ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሰውየው ሳያውቅ የተናገረውን ነገር ወዲያው በጽሑፍ ማቅናት ለእሱም መከላከያ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛችን ብትሆን እንዲህ ዓይነት ነገር ብትጽፍለት ጥሩ ነው፦ «ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ሁለታችንም ስንመዘገብ የተቀበልነው ደንብ እስከ ማርች 12 ቀን 2026 ድረስ ክፍያው እዚሁ እንዲሆን ያስገድደናል። ቀድመው መውጣት ከፈለጉ የማዛወሪያ ክፍያ አለ፤ በእኔ ሒሳብ 4,212 ዶላር ይመጣል፣ ለእኛ የሥራ መጠን ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም። እስከዚያ እንደ አሁኑ እንቀጥል፤ በፌብሩዋሪ ስለ ቀጣዩ እንነጋገራለን።»

ይህ መልእክት በመድረኩ ቻት ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይችላል። ደንቡን ይጠቅሳል፣ የሸሸገው ነገርም የለም።

መድረኩ ሲሠራላችሁ የነበረውን ሳይተኩ መውጣት

ማርች 12 ደረሰ እንበል። ሰው የሚያየው የዳነችለትን አሥር በመቶ ነው። አሥር በመቶው የሚገዛው ነገር ግን ነበረ። በሰዓት ኮንትራት ላይ ሳምንቱ እሑድ ይዘጋል፣ ደንበኛው ያየዋል፣ ገንዘቡ ከሳምንቱ መጨረሻ አሥር ቀን ቆይቶ ይለቀቃል፤ በመድረኩ የሰዓት መቆጣጠሪያ በአግባቡ የተመዘገበ ሰዓት ደግሞ የክፍያ ዋስትና አለው። በቀጥታ ሥራ ይህ ሁሉ የለም። የማውቀው አንድ ዲዛይነር ከወጣ በኋላ ከደንበኛው ጋር «በወሩ መጨረሻ» ብሎ ብቻ ተስማምቶ የሁለት ወር ሥራ ሳይከፈለው ቀረ፤ ደንበኛው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ድርጅቱ ሲከስር የመጨረሻው ተከፋይ እሱ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ወርሐዊውን ትታችሁ ከተቻለ የሁለት ሳምንት ክፍያ አስቀድማችሁ ተቀበሉ፤ ለሒሳብ ሠራተኛችን ያ 600 ዶላር ነው። ያ ካላለቀ ሥራው ይቀጥላል፣ ሲያልቅ ቀጣዩ ኢንቮይስ ይሄዳል። እምቢ ካለ በየሳምንቱ ኢንቮይስ ላኩ፤ ያልተከፈለው ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሥራው ይቆማል ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል።

የመቀበያውን መንገድ ቀድማችሁ ፈትሹ። በካርድ ክፍያ የሚያስቀብለው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ አካውንት ስለማይከፍት «ሊንክ ላኪልኝና በካርድ ልክፈል» የሚል ደንበኛ ካለ ሌላ አማራጭ ማቅረብ አለባችሁ፤ ፔዮኒር ወይም በስዊፍት ወደ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ። በስዊፍት ሲላክ መካከለኛ ባንኮች ሊቆርጡ ስለሚችሉ ቅናሹን ማን እንደሚሸከም ኢንቮይሱ ላይ ይጻፍ። ደንበኛው አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ W-8BEN የሚባል ቅጽ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አትደንግጡ፤ አሜሪካዊ አለመሆናችሁን የሚገልጽ ቅጽ ነው፣ አፕወርክ ላይም ስትመዘገቡ ሞልታችሁታል። ሥራውን የምትሠሩት ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከሆነ ገቢው ከአሜሪካ ውጭ የተገኘ ስለሚባል በዚያ የሚቀነስ ግብር የለም።

ኮሚሽኑን ሙሉ በሙሉ ለደንበኛው መስጠት

«አሁን አሥር በመቶ ስለማይቆረጥሽ 13.50 አድርጊልኝ» ይላል። ከአሥር በመቶው ላይ የመላኪያው ወጪ፣ ኢንቮይስ የመጻፉ ጊዜና ያለ ዋስትና የመሥራቱ አደጋ ይቀነሳል። የሒሳብ ሠራተኛችን 15 ላይ ብትቆም ትክክል ናት፤ ደንበኛው ራሱ ለመድረኩ ይከፍል የነበረው ስለቀረለት ዋጋ ሳይቀንሱለትም አትርፏል።

የድሮውን ኮንትራት ቸኩሎ መዝጋት

የመጀመሪያው የቀጥታ ክፍያ ሒሳባችሁ ውስጥ ገብቶ እስክታዩት ድረስ የአፕወርኩን ኮንትራት አትዝጉት። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ደንበኛው እንዲዘጋውና አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቁት፤ የሁለት ዓመት ሥራ ምስክርነቱ ለቀጣዩ ደንበኛ የሚታየው እዚያው ገጽ ላይ ነው።