ያለ አንድ ቃል ታሪክ መናገር፦ ከድምፅ አልባ ፊልሞች የተማርኩት አሠራር

ባለፈው ክረምት በስልኬ የ3 ደቂቃ ፊልም ሠራሁ። ንግግር የለውም። አንዲት ልጅ ወተት ምድጃ ላይ ትጥዳለች። ስኳር ማለቁን አይታ ሱቅ ትሄዳለች። እዚያ ወሬ ይይዛታል። ወተቱ ሊገነፍል ሲል ሮጣ ትደርሳለች። በቃ ይኸው ነው። ለቤተሰብ ሳሳየው ግን ግማሹ ሰው ግራ ገባው። ወተቱ የዚያኑ ዕለት ይሁን የሌላ ቀን፣ ልጅቷ እየሄደች ይሁን እየተመለሰች አልገባቸውም።

መልሱን ያገኘሁት ድምፅ ከመምጣቱ በፊት የተሠሩትን ፊልሞች በቅደም ተከተል ሳይ ነው። እነዚያ ሰዎች የኔን ችግር አንድ በአንድ ፈተውት ኖረዋል። እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ በዚያው ቅደም ተከተል ሂዱ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ አንድ ድርጊት ሳትቆርጡ ቅረጹ

የሉሚየር ወንድማማቾች በ1895 ያሳዩት የአትክልተኛው ፊልም አንድ ሾት ብቻ፣ ማለትም ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የተቀረጸ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አትክልተኛው ውሃ ያጠጣል። ከኋላው አንድ ልጅ መጥቶ ጎማውን ይረግጣል። ውሃው ይቆማል። ሰውዬው «ምን ሆነ?» ብሎ የጎማውን አፍ ሲያይ ልጁ እግሩን ያነሳል፤ ውሃው ፊቱ ላይ ይረጫል። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ሁለቱም ሰዎች አብረው ስለሚታዩ ተመልካቹ አትክልተኛው የማያውቀውን ያውቃል። ታሪኩን የያዘው ይኼ ነው።

ስልካችሁን አንድ ቦታ አስቀምጡና እንዲህ ያለ ነገር ቅረጹ። ትራይፖድ መግዛት አያስፈልግም፤ የተደረደረ መጽሐፍ ይበቃል። ዙም ግን አትንኩ። ፊት በቅርብ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ስልኩን ይዛችሁ ቅረቡ።

2. ሁለት ቦታዎችን አገናኙ

ከባዱ ይኼ ነው። እኔም የወደቅኩት እዚህ ነው።

በ1903 የኤዲሰን ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ኤድዊን ፖርተር ስለ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፊልም ሠራ። መጨረሻው ላይ ቤት ይቃጠላል። መጀመሪያ የምናየው ከክፍሉ ውስጥ ነው፦ ሴትዮዋ በጭስ ትወድቃለች፣ ሠራተኛው ገብቶ በመስኮት ያወጣታል፣ ተመልሶም ልጇን ይወስዳል። ቀጥሎ ያንኑ ነገር ከመንገድ እናያለን፣ ከሀ እስከ ፐ፣ እንደ አዲስ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ትድናለች!

ፖርተር ተሳስቶ አይደለም። በዚያን ጊዜ አንድ ሾት እንደ አንድ የመድረክ ትዕይንት ነበር፤ የተጀመረው ድርጊት እዚያው ማለቅ አለበት። ከውስጥ ያለው አለቀ፣ ከውጭ ያለው ቀጠለ። የሚገርመው፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ውስጡንና ውጩን እያፈራረቀ የቆራረጠው ቅጂ ተገኝቶ ፖርተር በ1903 እንዲያ የሠራው መስሎ ነበር። ለቅጂ መብት ሲባል በወረቀት ላይ ታትሞ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው ቅጂ ግን ትዕይንቱ ሁለቴ የተደገመበት ነው።

ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1909፣ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ግሪፊዝ «ብቸኛው ቪላ» በሚባለው አጭር ፊልሙ ነገሩን ቀየረው። ሌቦች አባትየውን አታለው ከቤት ያስወጡታል። እናትና ሦስት ልጆቿ በር ዘግተው ዕቃ ይደግፋሉ። አባትየው ርቆ ሄዶ ስልክ ይደውላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። እሱ ስልኩን ይዞ ይታያል፤ ቀጥሎ እሷ ስልኩን ይዛ ትታያለች። ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ሰዓት ላይ እንዳሉ ለማስረዳት ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ስልኩ ራሱ አስሯቸዋል። ከዚያ ሌቦቹ መስመሩን ይቆርጣሉ። አባትየው በጋሪ ይገሰግሳል፣ በሩ ይሰበራል፣ አባትየው ይገሰግሳል። ማንኛውም ድርጊት እዚያው አያልቅም። ሁሉም መሃሉ ላይ ተቆርጦ ሌላው ይገባል።

የኔ ፊልም ይህ ማሰሪያ አልነበረውም። ልጅቷ ከወጥ ቤት ወጣች፣ ሱቅ ታየች፣ ከዚያ ወተት ታየ። ወተቱን ከሷ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም። ሁለተኛ ስቀርጽ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ድስቱን እንድታይ አደረግኳት። የሷ ዓይን፣ ድስቱ፣ እንደገና የሷ ፊት። ከዚያ በኋላ ድስቱ ብቻውን በታየ ቁጥር የትና መቼ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ወደ ወተቱ በተመለሳችሁ ቁጥር ደግሞ ለውጥ መኖር አለበት። መጀመሪያ ጸጥ ያለ፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩን አረፋ፣ ቀጥሎ የሚነሳ፣ ቀጥሎ አፉ ላይ የደረሰ። ካልተለወጠ ተመልካቹ ያንኑ ሾት የደገማችሁ ይመስለዋል። ሾቶቹን እያሳጠራችሁም ሂዱ፤ የኔ 6 ሰከንድ፣ 4፣ 2፣ መጨረሻ ላይ 1 ነበሩ።

አሁን ትልቁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ በፍሬሙ ቀኝ በኩል ወጣች። መንገድ ላይ ግን ከቀኝ ገብታ ወደ ግራ ሄደች። ሰው ሁሉ ረስታው የመጣችው ነገር ኖሮ የተመለሰች መሰለው። በቀኝ የወጣ ሰው በሚቀጥለው ሾት በግራ መግባት አለበት፤ አቅጣጫውን የሚቀይረው ሲመለስ ብቻ ነው። በኤዲቲንግ ግራ ቀኙን ገልብጬ ላድነው ሞከርኩ፤ የሱቁ ጽሑፍ ተገልብጦ ታየ። አንድ ሙሉ ከሰዓት እንደገና ቀረጽኩ። ስለዚህ ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሾት ወረቀት ላይ ቀስት ሳሉ።

3. ሐሳቡን ለዕቃ ስጡት

ልጅቷ ወተቱን ማስታወሷን እንዴት ታሳያላችሁ? እኔ ግንባሯን እንድትመታና አፏን እንድትከፍት ነገርኳት። ውሸት ሆነ።

ጀርመናዊው ሙርናው በ1924 በሠራው «የመጨረሻው ሰው» ውስጥ ንግግርን የሚተካ የጽሑፍ ካርድ የለም። አንድ ሽማግሌ የሆቴል በር ጠባቂ አለ፤ ክብሩ ሁሉ ያለው ባለ ወርቃማ ቁልፍ ካፖርቱ ላይ ነው። ከባድ ሳጥን ሲያነሳ መድከሙ ይታይና ወደ መጸዳጃ ቤት አገልጋይነት ይወርዳል። ካፖርቱን ሲያወልቁበት አንድ ቁልፍ ተበጥሶ መሬት ይወድቃል። ማታ ካፖርቱን ሰርቆ ለብሶ ወደ ሰፈሩ ይሄዳል። የሚያስበውን ማንም አይነግረንም፤ ካፖርቱን መከተል በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ ለልጅቷ የድስት መያዣ ጨርቅ ሰጠኋት። መጀመሪያ ሾት ላይ ድስቱን በጨርቁ ይዛ ትጥድና ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ሱቅ ውስጥ እየሳቀች ፊቷን ልትጠርግ እጇን ስትሰድ ጨርቁን ታገኘዋለች። ታየዋለች። ሳቋ ይቆማል። ዕቃው ግን ቀደም ብሎ በደንብ መታየት አለበት፤ ቢያንስ 2 ሰከንድ ስጡት።

4. ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ጨምሩ፣ ያውም ከተቸገራችሁ

የመጀመሪያው ቅንብሬ 7 ካርድ ነበረው። አሁን የቀረው አንድ ነው።

5. ለማያውቅ ሰው አሳዩ

ታሪኩን ላልሰማ ሰው፣ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ምንም ሳትናገሩ። እናንተ ስክሪኑን ሳይሆን የሰውየውን ፊት እዩ። ቅንድቡ የተሰበሰበበትን ሰከንድ ጻፉ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከዚያ ሾት በፊት ባለው ላይ ነው።

እኔ አዲሱን ቅጂ ለጎረቤቴ ለእትዬ አሳየኋቸው። ልጅቷ ገና ሱቅ ውስጥ እየሳቀች ነው። ወተቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲታይ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና «ኧረ ወተቱ! አንቺ ልጅ!» አሉ።