ትዕዛዙ ሺት ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይ ግን የለም

ጎግል ፎርም ትዕዛዙን ይቀበላል፣ ጎግል ሺትስ ይመዘግባል፣ ሜክ የሚባለው የአውቶሜሽን አገልግሎት ደግሞ ሺቱን እያየ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልእክት ይልካል። ለጀማሪ ሻጭ ይበቃል። ሲበላሽ ግን አስር ጊዜ ብጠራ ዘጠኙ አንድ ዓይነት ነው።

መልእክቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም። ነፃው የሜክ ፓኬጅ ሺቱን የሚያየው ቢፈጥን በየ15 ደቂቃው ነው። ብልሽት አይደለም።

መልእክቱ ጭራሽ ቀረ፣ ሜክ ግን ስህተት አላሳየም። ዋናው ይሄ ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ አንድ ሰው ሺቱን "አጽድቷል"።

ኬክና ድፎ ዳቦ የምትሸጥ ደንበኛዬ ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀር ደወለችልኝ። "ዘንድሮ ምነው ትዕዛዝ ጠፋ?" አለች። ሺቱን ስከፍተው ቴሌግራም ላይ ያልገባ 11 ትዕዛዝ ቁጭ ብሏል። እህቷ ያደረሱትን 50 ትዕዛዞች ከነረድፋቸው ሰርዛቸው ነበር። ሜክ የሚያስታውሰው መጨረሻ ያየውን የረድፍ ቁጥር ነው፤ 64 ላይ ነበር። ከስረዛው በኋላ አዲሱ ትዕዛዝ 15ኛው ረድፍ ላይ አረፈ። ሜክ 65ኛውን እየጠበቀ፣ እሷ ትዕዛዝ እየጠበቀች ሁለት ቀን አለፈ። ሁለት ደንበኞች ሌላ ጋ አዘዙ። ያሳዝናል!

ጽሑፉን ብቻ አጥፍቶ ባዶ ረድፍ መተውም ያው ነው። ሜክ ባዶ ረድፍ ካገኘ ከዚያ በታች አያነብም። ሺቱን በቀን ወይም በስም መደርደርም እንዲሁ፤ አዲሱ ትዕዛዝ ወደ ላይ ከወጣ አይታይም።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ መሃል ያሉትን ባዶ ረድፎች ከነረድፋቸው ሰርዙ። ከዚያ ሜክ ውስጥ `Watch New Rows` ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ `Choose where to start` በሉ። ያልተላከውን የመጀመሪያ ትዕዛዝ ምረጡ። `Limit` የሚለውን ቁጥር ከተጠራቀመው ትዕዛዝ አታሳንሱት፤ እኛ 20 አድርገን `Run once` ስንል 11ዱም ተከታትለው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ የፎርሙን ሺት ረድፎች ማንም አይነካካ። በቀኝ ጫፍ "ሁኔታ" የሚል ዓምድ ጨምሩና "ደርሷል" ብላችሁ ጻፉ። የደረሱት ዓይናችሁን ካስቸገሩ በ`Filter view` ደብቋቸው። አትሰርዙ። እንደገና እላለሁ፣ አትሰርዙ።

ሜክ `group chat was upgraded to a supergroup chat` አለ። ግሩፑ ወደ ሱፐርግሩፕ ሲያድግ መለያ ቁጥሩ ተቀይሯል። በ`-100` የሚጀምረውን አዲሱን ቁጥር አስገቡ። ስህተቱ ሲደጋገም ሜክ ሥራውን በራሱ ስለሚያቆም፣ ማብሪያውንም መልሳችሁ አብሩት።

የስልኩ ፊተኛ ዜሮ ጠፋ። ሺቱ እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮት ነው። ፎርሙ ላይ 09 ወይም 07 ብሎ የማይጀምር ቁጥር እንዳይቀበል አድርጉና፣ ቴሌግራም መልእክቱ ላይ ከስልኩ በፊት 0 ጻፉ።