ኢንሹራንስ «አንከፍልም» ሲል የይግባኝ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል

ጥር 25 ቀን 2015 ከቡሬ 48 ኩንታል በቆሎ ጭና የወጣችው አይሱዙዬ ደጀንን አልፋ ወደ አባይ በረሃ ስትወርድ ፍሬን እምቢ አላት። ሹፌሩ የእህቴ ልጅ ነው። ገደል ከምገባ ብሎ ወደ ተራራው ሲጠመዝዛት ግድግዳውን መትታ በጎኗ ተጋደመች። እሱ በክንዱ ስብራት ተረፈ፤ መኪናዋ ግን ከነካቢኗ ተጨፈለቀች። ሙሉ ሽፋን ስለነበራት ብዙም አልተጨነቅሁም። ከሁለት ወር በኋላ ግን ከኢንሹራንሱ አንዲት አንቀጽ ያላት ደብዳቤ ደረሰችኝ፦ «ጉዳቱ በሜካኒካል ብልሽት ምክንያት የደረሰ በመሆኑና ይህም በፖሊሲው ሽፋን ስለማይካተት የካሳ ጥያቄዎን ያልተቀበልነው መሆኑን እንገልጻለን።»

የመጀመሪያ ይግባኜን ያጻፍሁት ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አካባቢ ከሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘንድ ነው። አራት ገጽ ሞላ። የልጆቼ ብዛት፣ የባንክ ዕዳዬ፣ ለስንት ዓመት አረቦን ሳላስተጓጉል እንደከፈልሁ፣ ሁሉም አለ። የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፖሊሲው ምን እንደሚል። መልሱ በአሥር ቀን መጣ፦ «ቀደም ሲል በሰጠነው ውሳኔ የጸናን መሆኑን…» ጸሐፊው ምንም አላጠፋም፣ የነገርሁትን ነው የጻፈው። ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ካሳውን ያስገኘልኝም እሱ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. ሙሉውን ፖሊሲ አውጡ

አብዛኛው ባለመኪና እጁ ላይ ያለው መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስቲከርና የአረቦን ደረሰኙ ነው። እነዚህ ውሉ አይደሉም። ውሉ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የእናንተ ስም፣ ታርጋ፣ የመኪናው ዋጋና የሽፋኑ ዘመን የተሞላበት ገጽ ነው። ሌላው ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ሆኖ የታተመው ጽሑፍ ነው፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከሌላችሁ ቅርንጫፉን በጽሑፍ ጠይቁ። በኋላ ተጨምሮ የተያያዘ ማሻሻያ ካለም አብሮ ይሰጣችሁ፤ ማሻሻያው የታተመውን ሊሽር ይችላል።

የውድቅ ደብዳቤው የአንቀጽ ቁጥር ካልጠቀሰ፣ እንደ እኔው ማለት ነው፣ «የትኛውን አንቀጽ መሠረት አድርጋችሁ ነው?» የምትል ሁለት መስመር ደብዳቤ አስገቡ። መልስ ባይሰጡም አትጎዱም። ከሰጡ ግን ከዚያ በኋላ ምክንያት መቀያየር ይከብዳቸዋል።

2. ሽፋኑን፣ ያልተሸፈነውንና ግዴታውን ለይታችሁ አንብቡ

እኔን አምስት ወር ያስቀመጠኝ ይህ ነው፤ እናንተም እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

ፖሊሲዬ በእንግሊዝኛ ነበር። የሠፈራችን የእንግሊዝኛ መምህር ጋር ሁለት ማታ ተቀመጥን። መጀመሪያ ያገኘነው ኩባንያው የተደገፈበትን ነው። «ኩባንያው የማይከፍለው» በሚለው ሥር ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «የዋጋ መቀነስ፣ በአገልግሎት ማርጀት፣ የሜካኒካል ወይም የኤሌክትሪክ ብልሽት ወይም መሰበር።» መምህሩ መነጽሩን አውልቆ «ጋሼ፣ እንግዲህ እውነታቸውን ነው» አለኝ። ፍሬን መበላሸት ሜካኒካል ብልሽት ካልሆነ ምን ይሆናል?

በማግስቱ ግን ከላይ ጀምረን፣ «ኩባንያው የሚከፍለው» ከሚለው ክፍል አንድ ስናነብ፣ ፊደል ሀ ላይ ይህን አገኘን፦ «በድንገተኛ ግጭት ወይም መገልበጥ፣ ወይም ከሜካኒካል ብልሽት አሊያም ከማርጀት የተነሣ በሚደርስ ግጭት ወይም መገልበጥ።»

«ከ… የተነሣ» የምትለዋን ልብ በሉ። ሁለቱ አንቀጾች አይጣሉም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። የፈነዳውን የፍሬን ዘይት ቱቦ ኩባንያው አይተካም፤ ያ ራሱ ብልሽቱ ነው። ቱቦው በመፈንዳቱ መኪናዋ ተገልብጣ የተጨፈለቀው ካቢን ግን ከብልሽት የተነሣ የመገልበጥ ጉዳት ነው፣ እሱን ይከፍላል። የውድቅ ደብዳቤው የብልሽቱን ማግለያ ይዞ መላውን አደጋ ጣለበት። ፖሊሲ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና ይቺ ሐረግ በእናንተ ውስጥ መኖሯን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከሌለች የኔ ክርክር አይሠራላችሁም።

ሦስተኛው የሚረሳው ነው። ከኋላ «ሁኔታዎች» በሚለው ውስጥ፣ መድን ገቢው መኪናውን በደህና ሁኔታ ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት የሚል ግዴታ አለ። ኩባንያው በመጀመሪያው ምክንያት ከተረታ ቀጥሎ የሚሄደው ወደዚህ ነው፦ «ፍሬኑን ሳትጠግን ነው ያሰማራኸው።» ስለዚህ እስኪጠይቁ ሳትጠብቁ በዚያው ደብዳቤ መልሱት።

የአንቀጹ ትርጉም በእውነት አሻሚ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738ን መጥቀስ ይቻላል፤ አንዱ ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያቀረበው የውል ቃል ሲያጠራጥር ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። ግልጽ የሆነ ቃል ላይ ግን አትጥቀሱት፤ ራሳችሁ አሻሚ ነው ብላችሁ እንዳመናችሁ ይቆጠራል። እኔ ትቼዋለሁ።

3. ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አንድ ወረቀት

ወረቀት ስለበዛ ጉዳይ አይጠነክርም። በመጀመሪያው ጊዜ ፌስታል ሙሉ ነበር የወሰድሁት። በሁለተኛው አምስት አባሪ ብቻ ነበረኝ፤ እያንዳንዱም ሥራ ነበረው። የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት ከነፕላኑ መገልበጧን ያሳያል። የአደጋው ቦታ ፎቶ ይህንኑ ያጠናክራል። የዓመታዊ ምርመራው ውጤት መኪናዋ ከአደጋው አራት ወር በፊት ፍሬኗ ተፈትሾ ማለፏን፣ የጋራዡ ደረሰኝ ደግሞ የፍሬን ሸራ በኅዳር መቀየሩን ያሳያሉ። ፕሮፎርማው ዋጋውን ይናገራል።

ፖሊስ ሪፖርቱን ቃል በቃል አንብቡት። የኔው «ፍሬን በመበላሸቱ» ብሎ ያቆማል፤ «ተገልብጣ» የሚለው ቃል ያለው ከፕላኑ ሥር ባለው ማብራሪያ ብቻ ነው። ፕላኑን ሳላያይዝ የፊት ገጹን ብቻ ብሰጥ ኖሮ ለእነሱ እየመሰከርሁላቸው ነበር።

ቀንም አለ። ፖሊስ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ፖሊሲው በፈረንጅ። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የሚለውን አንድ ሰው የፈረንጅ ሌሊት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም አድርጉ፦ «ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም (ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2023) ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በፈረንጅ ከጠዋቱ 10 ሰዓት»።

ኦርጅናል አትስጡ። እኔ የጋራዡን ዋና ደረሰኝ በመጀመሪያው ጊዜ ትቼላቸው መጣሁ፤ ስመለስ «መዝገቡ ውስጥ የለም» ተባልሁ። ጋራዡ ካርኒውን ባያስቀምጥልኝ ኖሮ የጥንቃቄው ክርክር እዚያው ይቀር ነበር። ኮፒ ስጡ፣ ኦርጅናሉን አሳይታችሁ አመሳክሩና ይዛችሁ ተመለሱ።

4. የማይገባችሁን ራሳችሁ ቀንሱ

ፕሮፎርማው 438,000 ብር ነበር። ከዚያ ውስጥ የፍሬን ቱቦና ተያያዥ ዕቃው 7,200 ብር ነው። ብልሽቱ ራሱ ስለሆነ አወጣሁት፣ ቀረ 430,800። በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መድን ገቢው ከራሱ የሚችለው 10,000 ብር አለ፤ እሱንም ቀነስሁ፣ 420,800። አንድ ጋራዥ ያለው ወዳጄ «አብደሃል? ከፍ አድርገህ ጠይቅ፣ እነሱ ይቀንሱታል» ብሎኝ ነበር። ገበያ ላይ ልክ ነው። እዚህ ግን የፍሬኑን ዋጋ ማውጣቴ አንቀጹን እንዳነበብሁትና ብልሽቱን ከመገልበጡ እንደለየሁት የሚያሳይ ማስረጃ ሆነልኝ።

5. ደብዳቤው

«ለ» ብላችሁ ውሳኔውን ለፈረመው ሳይሆን ከእሱ በላይ ላለው የካሳ ኃላፊ ጻፉ። «ጉዳዩ» ላይ የፖሊሲ ቁጥር፣ የካሳ መዝገብ ቁጥር፣ ታርጋና የውድቅ ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይግቡ። ዋናው አካል እንዲህ ነበር፦

«ጥያቄዬ ውድቅ የተደረገው ጉዳቱ በሜካኒካል ብልሽት የደረሰ ነው በሚል ነው። ተሽከርካሪው የፍሬን ዘይት ቱቦ ከፈነዳ በኋላ ተራራ መትቶ መገልበጡ አያከራክርም (አባሪ 1 እና 2)። በፖሊሲው ክፍል አንድ ፊደል ሀ፣ ኩባንያው ‹ከሜካኒካል ብልሽት አሊያም ከማርጀት የተነሣ በሚደርስ ግጭት ወይም መገልበጥ› ለሚመጣ ጉዳት ካሳ እንደሚከፍል ተጽፏል። የተጠቀሰው ማግለያ የሚመለከተው የተበላሸውን ክፍል ነው፤ የዚህንም ዋጋ ብር 7,200 ከጥያቄዬ ቀንሻለሁ (አባሪ 5)። የጥንቃቄ ግዴታዬን መወጣቴን አባሪ 3 እና 4 ያሳያሉ። ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ ብር 420,800 እንዲከፈለኝ፣ ይህ የማይሆን ከሆነ የተደገፋችሁበት አንቀጽ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

የፖሊሲውን ቃል ስትጠቅሱ በራሳችሁ አባባል አታሳምሩት። እኔ እንግሊዝኛውን እንዳለ ገልብጬ አማርኛውን ከሥሩ አደረግሁ፤ ገጹንም ኮፒ አድርጌ ሐረጉን በእስክሪብቶ አሰመርሁበት። ልመናም ስድብም አታስገቡ። «ሌቦች» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ የሚነበበው ለመልስ ሳይሆን ለሳቅ ነው።

6. ማስገባትና መከታተል

በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በእናንተው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። በቴሌግራም ልከናል ብላችሁ አትቀመጡ። ግልባጭ ለዋናው መሥሪያ ቤት። ከዚያም እምቢ ካሉ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነውና አቤቱታ ወደዚያ ይሄዳል። ፖሊሲው ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ለሕግ ባለሙያ አሳዩት።

በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በሁለት ዓመት በይርጋ ይቀራል። ደብዳቤ መመላለሱ ቀኑን ያቆምልኛል ብላችሁ አትተማመኑ።

ይህ ሁሉ የማያወጣው ጉዳይም አለ። ሹፌሩ ለዚያ ዓይነት መኪና የሚሆን መንጃ ፈቃድ ካልነበረው ወይም ጠጥቶ ከነበረ በደብዳቤ አትድከሙ። ጭነትም ያው ነው፤ የኔዋ ሊብሬ 50 ኩንታል ስለሚል 48ቱ አዳነኝ፣ 60 ቢሆን ኖሮ የፍሬኑ ሐረግ ምንም ባልጠቀመኝ ነበር።

መልሱ በሃያ ስድስተኛው ቀን መጣ፤ ከእጅ ዋጋው ላይ ቆርጠው 402,500 ብር ተፈቀደ። ቼኩ ከመሰጠቱ በፊት የሚያስፈርሙት ቅጽ አለ፣ «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል። የካሳ ክፍሏ ልጅ «እዚህች ጋ ብቻ ነው ጋሼ» ብላ ጣቷን አስቀመጠችልኝ። የመኪናዋ ማንሻ ክሬን ደረሰኝ ገና ስላልተከፈለኝ አልፈረምሁም፤ እሱ በሳምንቱ ሲጨመር ነው ብዕር ያነሳሁት።